በዶላር የቀረበ ደመወዝ በብር ስንት ነው? አራት የክፍያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት እንዲሠራ በወር 1,000 ዶላር የቀረበለት ባለሙያ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው የዕለቱን የምንዛሪ ዋጋ አይቶ ማባዛት ነው። ከዚያም ያገኘውን ቁጥር አገር ውስጥ ያለ ቀጣሪ ካቀረበለት የብር ደመወዝ ጋር ያስተያያል። ስሌቱ ስህተት ባይሆንም የሚመልሰው ጥያቄ የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም በባንክ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከዶላሩ ላይ የሚቀነሰውን የማስተላለፊያ ክፍያ፣ ከብሩ ላይ የሚቆረጠውን ግብር፣ የጡረታ መዋጮ መኖር አለመኖሩን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጋው ነገ ቢለወጥ ትርፉም ሆነ ኪሳራው የማን እንደሚሆን አይናገርም።

በእኔ አስተያየት የሚነጻጸሩት ዶላርና ብር አይደሉም። የሚነጻጸሩት የምንዛሪ ለውጡን ሥጋት ለተለያየ ወገን የሚያሸክሙ አራት ዓይነት ውሎች ናቸው። የመጀመሪያው ደመወዙ በዶላር ተወስኖ ከውጭ አገር በቀጥታ ወደ ሠራተኛው ባንክ የሚላክበት ነው። ሁለተኛው ደመወዙ በዶላር ተወስኖ አዲስ አበባ ያለው ቢሮ በክፍያው ዕለት ባለው ዋጋ በብር የሚከፍልበት ነው። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር በጣም የሚመሳሰል ሆኖ፣ የምንዛሪ ዋጋው ግን ውሉ ሲፈረም ተቆርጦ ለዓመት የሚጸናበት ነው። አራተኛው ተራው የብር ደመወዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሁሉ «የዶላር ደመወዝ» ተብለው ስለሚጠሩ፣ የቃለ መጠይቁ ንግግር ሲያልቅ ከየትኛው ጋር እንደተስማሙ ሳይገባቸው የሚፈርሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ዋጋው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ

የብር ዋጋ በየቀኑ በእኩል መጠን እየቀነሰ የሚሄድ ሆኖ አያውቅም። ለረጅም ጊዜ በትንሽ በትንሹ ሲንፏቀቅ ቆይቶ በአንድ ቀን የሚዘል ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር ከዶላር አንጻር በ15 በመቶ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወደ 74 ብር ተኩል አካባቢ ከፍ አለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ያለፈ ሲሆን ዓመት ሲሞላው ከ130 ብር በላይ ሆኖ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው፣ ያለፉትን ስድስት ወራት አማካይ ለውጥ ወስዶ ለሚቀጥለው ዓመት መተንበይ እንደማይቻል ነው፤ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው በአማካዩ ውስጥ በማይታይ ቀን ነውና። ሁለተኛው፣ ውሉን በ2016 ዓ.ም. ሰኔ በ57 ብር ሒሳብ ቆርጦ የፈረመ ሠራተኛና ያንኑ 1,000 ዶላር «በክፍያው ዕለት ዋጋ» ብሎ የፈረመ ባልደረባው በሰኔ እኩል 57,000 ብር ገደማ ይደርሳቸው የነበረ ቢሆንም፣ ከዓመት በኋላ አንዱ ባለበት ሲቆም ሌላው ከ130,000 ብር በላይ ይከፈለው ነበር ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው በውሉ ውስጥ ያለ አንድ ሐረግ ብቻ ነው።

ሆኖም ዶላር ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አንድ ዶላር 160 የኬንያ ሺሊንግ ገደማ ደርሶ የነበረ ሲሆን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 130 ገደማ ወረደ። ናይሮቢ ውስጥ 1,000 ዶላር የሚከፈለው ሠራተኛ በቀጣሪው በኩል ምንም ሳይለወጥ ከ160,000 ሺሊንግ ወደ 130,000 ሺሊንግ ወረደ ማለት ነው፤ የቤት ኪራዩ ግን በሺሊንግ እንደነበረ ነው። የብር ዋጋ እንዲህ ባለ ፍጥነት ሲጠነክር ባናይም፣ ለወራት ባለበት ቆሞ የዕቃ ዋጋ ብቻ የሚጨምርበት ጊዜ ግን ይኖራል። በዚያን ጊዜ የዶላር ደመወዝተኛው በቁጥር ባይጎዳም በመግዛት አቅም ይጎዳል።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ጥያቄ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። የኤምሬትስ ድርሃም በ3.6725፣ የሳዑዲ ሪያል በ3.75 ከዶላር ጋር ስለተሳሰሩ፣ በእነዚህ ገንዘቦች የቀረበ ደመወዝ ከብር አንጻር የሚንቀሳቀሰው እንደ ዶላር ነው። ዩሮና ፓውንድ ግን ከዶላርም አንጻር ስለሚዋዥቁ የራሳቸውን ሥጋት ይጨምራሉ።

ከዶላሩ ላይ የሚቀነሰው

ከውጭ በቀጥታ የሚላክ ደመወዝ በአብዛኛው በስዊፍት መልእክት አማካይነት ከላኪው ባንክ ተነሥቶ፣ በመካከል ባለ አንድ ወይም ሁለት አገናኝ ባንክ አልፎ፣ ወደ ተቀባዩ ባንክ ይደርሳል። እያንዳንዱ ባንክ ለአገልግሎቱ ሊያስከፍል ይችላል። ክፍያውን ማን እንደሚሸከም የሚወስነው ላኪው ቅጹን ሲሞላ የሚመርጠው ከሦስት አንዱ ኮድ ነው። `OUR` ሲሆን ክፍያው ሁሉ በላኪው ላይ ይሆናል፤ `SHA` ሲሆን ላኪው የራሱን ባንክ ብቻ ከፍሎ የቀረው ከሚላከው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል፤ `BEN` ሲሆን ሁሉም ከተቀባዩ ይቆረጣል። ቀጣሪዎች ብዙውን ጊዜ ሳያስቡበት የሚመርጡት ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ድርድሩ ላይ «የተጣራ 1,000 ዶላር ሒሳቤ ላይ እንዲገባ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ዝውውሩ በ`OUR` እንዲላክና በመንገድ ላይ የተቆረጠ ካለ በሚቀጥለው ወር እንዲካካስ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በ`OUR` ተልኮም አገናኝ ባንክ የሚቆርጥበት አጋጣሚ አለና።

ተቆርጦ መሆኑን ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ከላኪው ባንክ የሚሰጠውን የዝውውር ማረጋገጫ ቅጂ ከቀጣሪው ጠይቀው፣ እንዲላክ የታዘዘውን መጠን ባንክዎ ተቀበልኩ ካለው መጠን ጋር ማመሳከር ነው። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ልዩነቱ የቀረው በመካከል ነው። ተቀባዩ ባንክ የቆረጠው ከሆነ ግን በራስዎ የሒሳብ መግለጫ ላይ ራሱን ችሎ ተመዝግቦ ይታያል። ይህንን መለየት የሚጠቅመው ቅሬታውን ለማን እንደሚያቀርቡ ለማወቅ ነው።

እንዲህ ያለው ክፍያ ጎልቶ የሚሰማው በትንንሽ ዝውውሮች ላይ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው የሚቆረጠው በመቶኛ ሳይሆን በአንድ ዝውውር የተወሰነ ዶላር ነው። ለምሳሌ በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ 25 ዶላር የሚጠፋ ከሆነ፣ በየወሩ 1,000 ዶላር ለሚላክለት ሰው በዓመት 300 ዶላር፣ ማለትም ከደመወዙ ሁለት ከግማሽ በመቶ ይሄዳል። በየሁለት ወሩ 2,000 ዶላር ቢላክለት ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል። ነገር ግን የሁለት ወር ሥራ በቀጣሪው እጅ ተይዞ ይቆያል፤ ርቆ ያለና ያልተፈተነ ቀጣሪ ሲሆን ደግሞ በዓመት 150 ዶላር ለማትረፍ ብሎ የሁለት ወር ደመወዝ አደጋ ላይ መጣል ብልህነት አይመስለኝም። ስድስት ወር ያህል በጊዜው ከከፈለ በኋላ ማንሳት የሚቻል ሐሳብ ነው።

ሌላው የገንዘብ መጥፊያ ድርብ ምንዛሪ ነው። ደመወዙ በዩሮ ተወስኖ የላኪው ባንክ ወደ ዶላር ለውጦ ቢልከው፣ የኢትዮጵያው ባንክ ደግሞ ዶላሩን ወደ ብር ይለውጠዋል፤ በሁለቱም ቦታ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ይወሰዳል። ደመወዙ በየትኛው ገንዘብ እንደሚደርስ አስቀድሞ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እንዲሁም ስምዎ በባንክ ሒሳቡ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈበትን አጻጻፍ ለቀጣሪው በትክክል ይስጡ። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፉ፣ ፓስፖርትና የባንክ ሒሳብ ሳይመሳሰሉ ቀርተው ገንዘቡ የሚታገድበት ወይም የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ሲመለስም የተቆረጠው ክፍያ አብሮት አይመለስም።

የትኛው ዋጋ?

ዶላር ይዞ ለሚመጣ ሰው የሚሠራው የባንኩ የመግዣ ዋጋ ነው፤ በዜና የሚጠቀሰው ወይም በስልክ ላይ ፈልገን የምናገኘው ዋጋ ብዙ ጊዜ መሸጫው ወይም የሁለቱ አማካይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ስለሚያወጡ፣ በአንድ ቀን ውስጥ በባንኮች መካከል ልዩነት ይኖራል። በ975 ዶላር ላይ የ2 ብር ልዩነት 1,950 ብር ነው፤ ከላይ ካየነው የ25 ዶላር የማስተላለፊያ ክፍያ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ሰዎች ስለ ማስተላለፊያ ክፍያው አምርረው ሲነጋገሩ ሒሳብ የከፈቱበት ባንክ የሚሰጠውን ዋጋ ከሌሎች ጋር ሳያስተያዩ ዓመት ሲያልፍባቸው ይገርመኛል።

ዋጋው የሚያዘው ደግሞ ገንዘቡ በተላከበት ቀን ሳይሆን ባንኩ ወደ ብር በለወጠበት ቀን ነው። ዝውውሩ ቀናት ሊወስድ፣ ባንኩም የገንዘቡን ምንጭ የሚያስረዳ የቅጥር ውል ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ሁለቱ ቀናት ሊራራቁ ይችላሉ። ውሉን አስቀድሞ ለባንኩ ማስገባት ይህንን ርቀት ያሳጥራል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ከውጭ የሚላክላቸው ወይም ደመወዛቸውን በውጭ ምንዛሪ የሚያገኙ በአገር ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ፈቅዷል። ይህ ሒሳብ ያለው ሰው ዶላሩ እንደደረሰ ሁሉንም ለመለወጥ አይገደድም፤ ለወጪ የሚያስፈልገውን ለውጦ የቀረውን በዶላር ማቆየትና በውጭ ምንዛሪ ለሚከፈል አገልግሎት ማዋል ይችላል። ይህ ዕድል ያለው ከአራቱ መንገዶች በመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ፣ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ወደ ውጭ የሚከፍለው ወጪ ላለበት ቤተሰብ ሚዛኑን ሊለውጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ወጪ ለሌለው ግን ጥቅሙ ያን ያህል አይደለም።

በትይዩ ገበያ ያለውን ዋጋ በስሌቱ ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። ሕገ ወጥ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ለንጽጽርም አይረባም፤ ደመወዙ በባንክ እንዲገባ ውል ከተፈረመ በኋላ በሌላ ዋጋ መመንዘር አይቻልምና። በሌላ መንገድ የተቀበለው ሰው ደግሞ ብድር ወይም ቪዛ ሲጠይቅ የሚያቀርበው የገቢ ማስረጃ አይኖረውም።

ስሌቱ በምሳሌ

አሁን ሁለት ግብዣ የቀረበላትን አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እንውሰድ። አገር ውስጥ ያለ ኩባንያ 120,000 ብር ያልተጣራ የወር ደመወዝ አቅርቦላታል። የውጭ ድርጅት ደግሞ 1,000 ዶላር በቀጥታ ሊልክላት ይፈልጋል። ለስሌት እንዲያመች የባንኩን የመግዣ ዋጋ 150 ብር፣ በመንገድ የሚጠፋውን 25 ዶላር እናድርገው። በወረቀት ላይ ሁለተኛው 150,000 ብር ስለሆነ የ30,000 ብር ብልጫ ያለው ይመስላል።

በመጀመሪያ የአገር ውስጡን እንይ። በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከመቀጠር ከሚገኝ ወርሃዊ ገቢ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው በ35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚህ እርከን ላይ ላለ ደመወዝ አጭሩ መንገድ ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር መቀነስ ነው። ስለዚህ የ120,000 ብር ግብር 39,950 ብር ይሆናል። የሠራተኛዋ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 8,400 ብር ነው። በእጇ የሚገባው 71,650 ብር ሲሆን፣ አሠሪዋ ደግሞ 11 በመቶ፣ ማለትም 13,200 ብር በስሟ ለጡረታ ያስገባል። የእጅዋንና ሁለቱን የጡረታ መዋጮዎች አንድ ላይ ብንደምር 93,250 ብር ይመጣል።

ወደ ዶላሩ እንሻገር። ከ1,000 ዶላር 25 ዶላር ቀርቶ 975 ዶላር ሲደርስ በ150 ብር 146,250 ብር ይሆናል። በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከውጭ በሚያገኘው ገቢም ላይ ግብር ይከፍላል፤ ቀጣሪው እዚህ ቢሮ ስለሌለውና ቆርጦ ስለማያስገባ፣ የማስታወቁና የመክፈሉ ግዴታ የራሷ የሠራተኛዋ ነው። ግብሩ የሚሰላው በመንገድ ከተቆረጠ በኋላ በደረሰው ላይ ሳይሆን በደመወዙ ላይ ነው ብለን ብናሰላው፣ ከ150,000 ብር ላይ 50,450 ብር ይሆናል። የሚቀራት 95,800 ብር ነው። ጡረታ የሚያስገባላት የለም።

እንግዲህ በወረቀት ላይ 30,000 ብር የነበረው ብልጫ፣ ጡረታው ከግምት ሲገባ 2,550 ብር ብቻ ሆነ። ጡረታን እንደ ጥሬ ገንዘብ መቁጠር አይገባም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ወጣት ለሆነና የራሱን ቁጠባ ለሚያምን ሰው መከራከሪያው ሚዛን ይደፋል። ያም ቢሆን 24,150 ብር ከሚሆነው የእጅ በእጅ ልዩነት ውስጥ ለእርጅና የሚቀመጠውን ራሱ ማውጣት አለበት፤ ማንም አያስታውሰውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ዋጋው ሲለወጥ ምን ይሆናል የሚለው ነው። በዚህ ምሳሌ የዶላር ደመወዙ የተጣራ ውጤት በአጭሩ እንዲህ ይጻፋል፦

```
975 × ዋጋ − (0.35 × 1000 × ዋጋ − 2050) = 625 × ዋጋ + 2050
```

ይህ ቀመር የሚናገረው አንድ ነገር ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነው። የዶላር ዋጋ በ1 ብር ሲጨምር ሠራተኛዋ የምታገኘው 1,000 ብር ሳይሆን 625 ብር ነው፤ የቀረው በግብርና በክፍያ መልክ ይሄዳል። የግብር እርከኖቹ በብር የተቆረጡ ስለሆኑ የብር መዳከም ያመጣው ጭማሪ በሙሉ በ35 በመቶ ይገበርበታል። ዋጋው 165 ብር ቢደርስ የተጣራው 105,175 ብር ይሆናል፤ 135 ብር ቢሆን ደግሞ 86,425 ብር ይሆናል፤ ይህም ጡረታ ከተቆጠረለት የአገር ውስጥ ግብዣ በ6,825 ብር ያነሰ ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ዋጋ ወደ 146 ብር ገደማ ነው። ጡረታን ሙሉ በሙሉ ከስሌቱ ብናወጣው ግን እኩል የሚሆኑበት ዋጋ ወደ 111 ብር ይወርዳል።

በእኔ እምነት ከስሌቱ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ የእኩልነት ዋጋ ነው፤ ምክንያቱም ነገ ዶላር ስንት ይሆናል የሚለውን ማንም መመለስ ባይችልም፣ ከ146 ብር በታች ሆኖ ዓመት ይቆያል ወይ የሚለውን ግን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ መመዘን ይችላል። የእርስዎ የእኩልነት ዋጋ ከዛሬው የመግዣ ዋጋ በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ ግብዣው ሰፊ መከላከያ አለው። ከዛሬው ዋጋ በላይ ከሆነ ግን ደመወዝ ሳይሆን የብርን መዳከም እየጠበቁ ነው ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ቢሮ በኩል ሲከፈል

ያው 1,000 ዶላር እዚህ በተመዘገበ ቢሮ በኩል በክፍያው ዕለት ዋጋ በብር ቢከፈል ሒሳቡ ይለወጣል። ያልተጣራው 150,000 ብር ይሆናል፤ ግብሩ ያው 50,450 ብር፣ የሠራተኛዋ ጡረታ 10,500 ብር ነው። በእጇ 89,050 ብር ይገባል፤ ቀጥታ ከሚላከው በ6,750 ብር ያነሰ ነው። ነገር ግን አሠሪው ከደመወዙ በላይ 16,500 ብር ለጡረታ ስለሚጨምር፣ የእጇና የጡረታው ድምር 116,050 ብር ይደርሳል፤ የማስተላለፊያ ክፍያም የለበትም። ሁለቱን መንገዶች የሚያማርጥ ቀጣሪ ከገጠመዎ፣ በእጅ በሚገባው አነስተኛ ልዩነት ተስበው ይህንን እንዳይተዉት። ከዚህም ሌላ ግብሩን ቆርጦ የማስገባቱ ሥራና ቅጣቱ የቀጣሪው ይሆናል።

በዚህ መንገድ ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ «የዕለቱ ዋጋ» የሚለው ሐረግ ምን እንደሆነ ማስጻፍ ነው። የየትኛው ባንክ? መግዣው ነው ወይስ መሸጫው? ደመወዙ በተሰላበት ቀን ወይስ ገንዘቡ በገባበት ቀን? አንዳንድ ድርጅቶች በወር አንድ ጊዜ የሚወጣ የራሳቸው የሒሳብ ዋጋ አላቸው፤ ይህ ጥፋት የለበትም፣ ዋጋው በአንድ ቀን በሚዘልበት ወር ግን ጭማሪው በሚቀጥለው ወር ብቻ ይደርሳል። በውሉ ላይ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ብዙ ክርክር ይቀራል፦ «ደመወዙ በወር 1,000 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ክፍያው በሚፈጸምበት ዕለት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ባወጣው የመግዣ ዋጋ ተሰልቶ በብር ይከፈላል።»

ዋጋው ለዓመት ተቆርጦ የሚጸናበት ሦስተኛው መንገድ፣ ምንም እንኳ ወረቀቱ ላይ ዶላር ቢጻፍበት፣ ከብር ደመወዝ አይለይም። ውሉ በ150 ብር ተቆርጦ ገበያው 165 ብር ቢደርስ በየወሩ ከግብር በፊት 15,000 ብር፣ ከግብር በኋላ 9,750 ብር በቀጣሪው እጅ ይቀራል። ቀጣሪው ዶላሩን በገበያ ዋጋ መንዝሮ በተቆረጠው ዋጋ ስለሚከፍል ትርፉ የእርሱ ነው። ይህንን መንገድ የምቀበለው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ዋጋው ከተቆረጠበት ከ5 በመቶ በላይ ሲንቀሳቀስ በሚቀጥለው ወር እንዲታረም የሚል አንቀጽ ሲኖር። ለአጭር ጊዜ ሥራ፣ ለምሳሌ ለሦስት ወር፣ ያለዚህ አንቀጽም ሊታለፍ ይችላል።

አራተኛው መንገድ፣ ማለትም የብር ደመወዝ፣ ከዶላሩ ያነሰ ስለሆነ ብቻ የሚጣል አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ዓመት የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ በይፋ የተገለጸው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ20 በመቶ በታች ነበር። በዚያ ዓመት ዶላር ተከፋዩ በእርግጥ አትርፏል። እንዲህ ያለው ክፍተት ግን በየዓመቱ አይደገምም፤ ዋጋው ተረጋግቶ የዕቃ ዋጋ በሚጨምርበት ዓመት፣ በየዓመቱ የደመወዝ ማስተካከያ የሚያደርግ የአገር ውስጥ ቀጣሪ ለዓመታት ያልተነካ 1,000 ዶላር ከሚልክ ቀጣሪ ሊሻል ይችላል። ስለዚህ የአገር ውስጡን ቀጣሪ ስለ ወቅታዊው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ያለፈው ማስተካከያ መቼና ስንት በመቶ እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከውጭ የሚላከውን መንገድ የመረጠ ሰው ከመፈረሙ በፊት አንድ የቀረ ነገር አለው። ውሉ የቅጥር ውል ሳይሆን የአገልግሎት ውል ከሆነ፣ ገቢው በሠንጠረዥ ሐ እንደ ንግድ ሥራ ገቢ ሊታይ፣ ፈቃድና የሒሳብ መዝገብ ሊጠየቅበት ይችላል። የውጭ ቀጣሪዎች ለራሳቸው ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ይህንን ዓይነት ውል ነው። ከላይ የተሠራው የግብር ስሌት ለቅጥር ገቢ የሚሆን ስለሆነ፣ የውሉን ረቂቅ ይዞ ወደሚገበርበት ቅርንጫፍ መሄድና በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚስተናገድ በጽሑፍ ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ዝውውር በፊት ነው። ከዚያ ወዲያ በየወሩ የባንኩን የምንዛሪ ደረሰኝ፣ ማለትም የዶላሩን መጠን፣ የተመነዘረበትን ዋጋና ቀን የሚያሳየውን ወረቀት በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ይገባል፤ ግብሩ በብር ስለሚሰላ የሚጠየቀው ይኸው ነው።